አይለምኔ ባንክ የሄደ ሰሞን

ቁልፍ ሠሪውን ሰፈሩ «አይለምኔ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት በሙያው ሲኖር መሰላል እንኳ ከጎረቤት ተውሶ አያውቅም። የባንክ ጉዳይ የሚስቱ ሥራ ነበር፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ከባንክ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ሳይነበብ መሳቢያ ይገባል።

አንድ ወር ላይ፣ የአርባ በር ቁልፍ የቀየረለት ትምህርት ቤት ክፍያውን በሁለት ቀን አዘገየበት። የሱቁ ኪራይ ደግሞ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ከሒሳቡ በቀጥታ የሚተላለፍ ነው። ባንኩ የጎደለውን ከራሱ ሞልቶ ኪራዩን ከፈለ፤ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ወረደ፤ ለዚህም የኦቨርድራፍት ክፍያ ተቆረጠበት። ቀሪው ባንኩ ከወሰነው ዝቅተኛ መጠን ስላነሰ ወርሃዊው የሒሳብ ማስተዳደሪያ ክፍያም ተጨመረ። ሁለቱ ሲደመሩ የአሥራ አንድ ቁልፍ ዋጋ ወጣቸው።

ይህን የሚገልጸውን ወረቀት ለአንድ ጊዜ ከፍቶ አነበበና ደሙ ፈልቶ ወደ ባንኩ ሄደ።

«ገንዘቤን ማን ንኩ አላችሁ?»

«ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው፣ አባት» አለችው ገንዘብ ተቀባይዋ።

የተሰላፊው ዓይን ጀርባው ላይ ሲያርፍ ተሰማውና ሹልክ ብሎ ወጣ።

በቀጥታ ታላቅ እህቱ ቤት ገባ። ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት። መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን እስከ ታች አነበበችው።

«ባንኩ ተሳስቷል?» አለችው።

«አልተሳሳተም።»

«እንግዲያው መልሱልኝ አይባልም፤ ክፍያውን አንሡልኝ ነው የሚባለው። ቀኑን፣ ምክንያቱን፣ የምትፈልገውን ንገራቸው። ልጅቷ ካልቻለች ማን እንደሚፈቅድ ጠይቅ።»

«እትዬ፣ ይሄማ ልመና ነው።»

«ልመና ወረቀት የለውም። አንተ ወረቀት ይዘሃል።»

በማግስቱ ሰልፍ በሌለበት ሰዓት እዚያችው ልጅ ፊት ቆመ።

«ትናንት ጮኼብሻለሁ፤ ይቅርታ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ገቢ ሳይደርስ ኪራዩ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሞልቼዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደንበኛችሁ ነኝ። የሚቻል ከሆነ፣ ክፍያው ለዚህ አንድ ጊዜ ይነሣልኝ?»

ልጅቷ ሒሳቡን አየች። ባለፈው ዓመት አንድም ጊዜ ከዜሮ ወርዶ አያውቅም። ተነሥታ ተቆጣጣሪዋ ዘንድ ገባች። እሱ መስኮቱ ላይ እንደ ተገተረ ቀረ፤ ልጅቷ ጥቂት ቆይታ ተመልሳ መጣች።

«የኦቨርድራፍቱ ተነሥቶልዎታል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሒሳብዎ ይገባል። ሌላ ጊዜ ግን ላይፈቀድ ይችላል። ወርሃዊው ደንብ ስለሆነ አልተነሣም። ከፈለጉ ወርሃዊ ክፍያ ወደሌለው ሒሳብ ልቀይርልዎት፤ ቼክ ግን የለውም።»

ቼክ ጽፎ አያውቅም። ፈረመ።

የኪራዩንስ ቀን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠየቃት።

«ትእዛዙን እዚሁ እንቀይረዋለን። አከራይዎ ግን መስማማት አለባቸው።»

ከባንኩ ወጥቶ ትንሽ አመነታና ወደ አከራዩ አቀና። ከወሩ መጀመሪያ ወደ ስድስተኛው ቀን ይዛወርልኝ አለው። አከራዩ ገረመውና፣ «ይቺን ለመጠየቅ ነው አሥር ዓመት የፈጀብህ?» አለው። ተስማማ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እህቱ ደወለች። «መጠየቁ ከበደህ?»

«የመጀመሪያው ከበደኝ» አላት።