ከንክሻው በፊት ምን ነበር

ያን ዓመት ሙቀቱ የቱንም ያህል ቢበረታ ረጅም እጅጌ ነበር የምለብሰው። አሠሪዬ ማዳም አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብታ፣ «ሐቢብቲ፣ አይሞቅሽም እንዴ?» አለችኝ። «አገሬ ደጋ ነው፣ ለምጄው ነው» አልኳት። ደጋ ያደገ ሰው በአማን ከተማ ሐምሌ ለምን እጁን እንደሚሸፍን እኔም አላውቅም፤ ደግነቱ እሷም አልጠየቀችኝም።

ከእጅጌው በታች የነበረው የትንሿ፣ የማዳም ልጅ፣ የጥርስ ምልክት ነው። አራት ዓመቷ ነበር። ስትስቅ ቤቱን ሁሉ የምታስቅ፣ ጫማዬን አድርጋ ዴር ግባር በሚባለው ሰፈር ያለውን ያን ትልቅ ሳሎን እየጎተተች የምትዞር ልጅ። ቁጣዋ ሲነሳባት ግን ያገኘችውን ትወረውራለች፣ በእግሯ ትማታለች፣ እጄ ከቀረባት ትነክሳለች። የነከሰችው ቦታ መጀመሪያ ይቀላል፣ በማግስቱ ይበልዛል፣ በሳምንቱ የደረቀ ቅጠል ይመስላል።

ውሸቱን የጀመርኩት በገባሁ በሳምንቴ ነው። ማዳም ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ዛሬ ተረበሸች?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ እንደ መልአክ ነበረች» አልኩ። ክንዴ በእጅጌው ውስጥ ይጠዘጥዘኝ ነበር። ምን ላድርግ? ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለቱ ሠራተኞች «ሕፃኗን አልቻሏትም» ተብለው ወደ መክተቡ፣ ወደ ቀጣሪው ቢሮ ማለቴ ነው፣ እንደተመለሱ ሰምቻለሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በማዳምና በባለቤቷ ስም ነው፤ ፓስፖርቴ በማዳም መሳቢያ ነው። ከዚያ ቤት ከወጣሁ አማን ውስጥ የምቆምበት አንድ ስንዝር መሬት የለኝም። እናም «እንደ መልአክ» ያልኩት በማግስቱም ተደገመ፣ በሳልስቱም ተደገመ፣ ስምንት ወር ሞላው።

ሲጀምራት ቶሎ ስልኬን እሰጣታለሁ። ካርቱኑ ሲከፈት ፀጥ ትላለች። በልቤም፣ «አቤት ብልሃቴ!» እላለሁ።

ነገሩ የፈረጠው በረውዳ ነው፤ ትንንሾቹ የሚውሉበት ትምህርት ቤት። የአንድ ልጅ ጉንጭ ነከሰች። የረውዳው ኃላፊ ደውላ፣ «መፍትሔ ካልፈለጋችሁ ቦታዋን ለሌላ እንሰጣለን» አለች። ማዳም ያን ቀን አለቀሰች። ባባ፣ ባለቤቷን እንደዚያ ነው የምጠራው፣ ጁበይሃ የሚባል ሰፈር የምትሠራ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ አገኘ። ባለሙያዋ በስልክ የነገረችው አስደነገጠኝ። «መጀመሪያ ልጅቷን አታምጧት። ሁለታችሁም ኑ። ቀኑን ከእሷ ጋር የሚውል ሰው ካለም ይምጣ።»

ቀኑን ከእሷ ጋር የሚውል ሰው እኔ ነኝ።

ስዌይለህ ሰፈር በሰዓት እየተከፈላት ቤት የምታጸዳ ጓደኛዬ ዘንድ ደወልኩ። እሷ ለሁሉም ነገር መልስ አላት።

«ምን ይጠይቁኝ ይሆን?»

«የፈለጉትን ይጠይቁ። አንቺ ‹አላውቅም› በይ። አላውቅም ያለ ሰው ታስሮ ያውቃል?»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ እናትና አባት አሏት። አንቺ እዚህ ማን አለሽ? ሞኝ!»

ትንሿን አያቷ ቤት ትተናት ሄድን። መኪናው ውስጥ ከኋላ፣ ከባዶው የልጅ ወንበር አጠገብ ተቀመጥኩ። ለትንሿ ሲባል የኋላው በር ከውስጥ እንዳይከፈት ተደርጎ ነበር። ጁበይሃ እስክንደርስ ባባ የማዳምን መለሳለስ፣ ማዳም የባባን ጩኸት ሲያነሱ ሲጥሉ፣ እኔ የማይከፈተውን እጀታ ይዤ ነበር።

ባለሙያዋ ዶክተር አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሦስት ወንበር ተዘጋጅቷል፤ የመሐሉ ለእኔ ደረሰ። አስቀድማ እኔን ጠየቀችኝ፦ «በዓረብኛ መነጋገር ይመችሻል ወይስ አስተርጓሚ ላምጣ?» ይመቸኛል አልኩ። ከዚያ የምንሄድበትን መንገድ ነገረችን። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደምንቀመጥ፤ የምንናገረው እዚያው እንደሚቀር፣ ልጅቷ ወይም ሌላ ሰው አደጋ ላይ ካለ ግን ዝም እንደማትል፤ ዛሬ ለልጅቷ ምንም የበሽታ ስም እንደማትሰጣት። «እዚህ ጥፋተኛ አንፈልግም። የምንፈልገው ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ነው» አለች። እኔ ግን ጥፋተኛዋ ወንበሩ ላይ እንዳለች አውቅ ነበር።

መጀመሪያ ማዳም በራሷ አነጋገር ጭንቀቷን ትንገር፣ ባባ አያቋርጥ፤ ቀጥሎ ባባ ይናገር፣ ማዳም አታቋርጥ። ባባ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ዶክተሯ እጇን ብቻ ከፍ አደረገች፤ ዘጋው። ከዚያ፣ «ለመጨረሻ ጊዜ የሆነውን እንደ ፊልም አሳዩኝ» አለች። «ዓርብ ዕለት ጮኸች» ሲሏት አልበቃትም። የት ነበራችሁ? ማን ነበር? ምን ሰዓት ነበር? በልታ ነበር? ከመጮኋ በፊት ምን ተባለች? ከዚያ እሷ ምን አደረገች? ወዲያው እናንተስ ምን አደረጋችሁ? ስንት ደቂቃ ቆየ? በምን በረደ? ሁሉንም ትጽፋለች።

«ወዲያው እናንተስ ምን አደረጋችሁ» ስትል ስልኬ በኪሴ ከበደኝ።

ወደ ኋላም ሄደች፦ እርግዝናው፣ ወሊዱ፣ መቼ እንደሄደች፣ መቼ እንደተናገረች፣ ጆሮዋ ታሞ ያውቅ እንደሆነ፣ እንቅልፏ። ቤት ቀይራችሁ ታውቃላችሁ? ሐዘን አለ? ስትናደዱ ምን ታደርጋላችሁ፣ ትመቷታላችሁ? ባባ ጫማውን እያየ፣ «አንድ ሁለቴ» አለ። አልገሠጸችውም፤ ጻፈችው። ስለ ልጅቷ የምትወዱት ምንድነው ስትላቸው ሁለቱም እኩል ፈገግ አሉ። ጫማዬን አድርጋ እየጎተተች የምትዞረውን ነገር ማዳም ተናገረች። እኔ ብቻ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ፣ «በሳምንት ስንት ጊዜ ይሆናል?» አለች።

«ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት» አለች ማዳም። «እኔ ስኖር ነው። ረውዳም ላይ። ከእሷ ጋር ግን» ብላ ወደ እኔ አየች፣ «ቀኑን ሙሉ ሰላም ናት። እንደ መልአክ። ስለዚህ ችግሩ እኔ ነኝ፣ አይደለም? ከእኔ ጋር ነው የምትከፋው።»

ባባም፣ «ይኸው! ስልሽ አልነበር?» አላት።

ማዳም ከንፈሯን ነከሰች። ፈረደባት። የፈረደባት የእኔ ውሸት ነው፣ እኔም መሐላቸው ተቀምጫለሁ።

ዶክተሯ ብዕሯን አቆመች። «ሁሉንም ሳንሰማ ፍርድ የለም» አለችው። ቀጥላም ሁለቱን አስፈቅዳ እኔን ለብቻዬ ለጥቂት ደቂቃ ልታነጋግረኝ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ወጡ። በሩ ተዘጋ።

«ከአንቺ ጋር ስትውል አንዴም አይነሳባትም?»

«አላውቅም» አልኩ። የጓደኛዬን መልስ ነበር ያወጣሁት፤ ግን እስቲ አስቡት፣ ቀኑን ከልጅቷ ጋር የምውለው እኔ፣ አላውቅም!

አልሳቀችም። «ትናንት ከረውዳ ስትመለስ በር የከፈተላት ማነው?»

«እኔ።»

«ከዚያስ?»

«እጅ እንታጠብ አልኳት።»

«ከዚያስ?»

ያቺ «ከዚያስ» የምትባል ቃል መውጫ የላትም። እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩት። ንክሻዎቹ አራት ነበሩ፤ ሁለቱ አዲስ። ዶክተሯ ሐኪም አይቶሽ ያውቃል ወይ፣ ቆዳው ተቀዶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ስለ ስልኩ ነገርኳት። በቀን ሁለት ሦስቴ፣ አንዳንዴ አራት ጊዜ እንደሚነሳባትም ነገርኳት።

«ለማዳም ለምን አልነገርሻትም?»

«ከነገርኳት ትመልሰኛለች።»

«አትመልስሽም ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ ቤቱ የእኔ አይደለም» አለችኝ። ስላልዋሸችኝ ወደድኳት። «ግን የተነገረኝ ቁጥር ከተሳሳተ ለዚህች ልጅ የሚሆን ነገር ማዘጋጀት አልችልም። ከአንቺ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። እኔ አጠገብሽ ነኝ።»

ተመለሱ። እንደገና መሐላቸው ሆንኩ። እጅጌዬን አላወረድኩትም፤ ከቃሌ በፊት ክንዴ ተናገረ። ማዳም አፏን በእጇ ያዘች።

«ስምንት ወር?» አለች። «ስምንት ወር ‹መልአክ› ትይኛለሽ?»

«ፈርቼ ነው፣ ማዳም።»

«ምን ፈርተሽ?»

መልሱ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር፤ እሱን ግን በዚያ ክፍል ለመናገር አቅም አጣሁ። «ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለቱ ተመልሰዋል» ብቻ አልኩ። ባባ መስኮቱን አየ።

ዶክተሯ የሰማችውን በአጭሩ መልሳ ነገረችን፣ ትክክል መሆኑንም ጠየቀች። «እንግዲህ ከሁሉም ሰው ጋር ነው የሚነሳባት። ይህ ለማንም ስድብ አይደለም» አለች። ረውዳውን እንድታነጋግር ፈቃድ ወሰደች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷን ራሷን ልታይ ቀጠሮ ሰጠች። ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣች፤ ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የሆነው፣ ያደረገችው፣ የቆየችበት፣ ከዚያ በኋላ እኛ ያደረግነው የሚል። ለሁለት ሳምንት የሚሞላ ነው። እስከዚያ ማንም እንዳይጎዳ ራቅ በሉ፣ ቃል አታብዙ አለች። «በምትችይው ቋንቋ ጻፊ» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ማንበብና መጻፍ በራሴ ጥረት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ባልተማርኩ አልኩ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ መንገዱን በዓይኔ ተከተልኩ፤ ወደ መክተቡ የሚታጠፈው ጋ ስንደርስ እንደገና የበሩን እጀታ ያዝኩ። አለፍነው። ማለፋችን ምሕረት ይሁን ሌላ፣ አልተነገረኝም።

በማግስቱ ከሰዓት ትንሿ በብሎኬት መጫወቻዋ ግንብ ስትሠራ ማዳም ስልክ በጆሮዋ ይዛ ገባች። ትንሿ፣ «ማማ፣ እዪ!» አለች። ማዳም በጣቷ ቆይ አለቻት። «ማማ እዪ! ማማ እዪ!» ማዳም ፊቷን አዞረች። ግንቡ ፈረሰ፣ ብሎኬቱ በረረ፣ ለመያዝ ስጠጋ ጥርሷ እጄ ላይ አረፈ። ራቅ አልኩ። ስልኬን ከኪሴ አላወጣሁም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ አለቀሰች፣ ከዚያ መጥታ ጭኔ ላይ ተኛች።

ማዳም አጠገባችን ቆማ ነበር። ስልኩ ተዘግቷል።

«ጻፍሽው?»

በአማርኛ ጻፍኩ። እሷ ፊደሌን አታውቅም፤ የፈለግሁትን ጽፌ የፈለግሁትን ላነብላት እችል ነበር። «አንብቢልኝ» አለች። ከዚያ በፊት የሆነው በሚለው ሥር ያለውን በዓረብኛ አነበብኩ፦

«ማማ በስልክ እያወራች ገባች። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ጠራቻት። ማማ ፊቷን አዞረች።»

ማዳም ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየች። ፓስፖርቴ ያለበት መሳቢያ ከኋላዋ ነበር።

«አራት ጊዜ ነው የጠራችኝ» አለች። «አስተካክይው።»

ሦስትን ሰርዤ አራት ብዬ ጻፍኩ። በነጋታውም አጭር እጅጌ ለበስኩ።