የተቃጠለው የካውያ ጠረጴዛ

ጋሼ አይሆንም እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይህን ያወጣንላቸው እኛ የኢንሹራንሱ ካሳ ክፍል ሠራተኞች ነን። ወረቀት ስንሰጣቸው ከሰላምታ በፊት ከአፋቸው የሚወጣው ቃል እሱ ነው። ሥራቸው ካሳ ከመከፈሉ በፊት ማጠቃለያውን መፈተሽ ነው። የጠፋው ንብረት በየዕቃው ይዘረዘራል፣ ደንበኛው ራሱ የሚሸከመው ተቀናሽ ይነሳለታል፣ የሚከፈለው ካሳ ደግሞ ከሁለቱ ጋር መስማማት አለበት። ካልተስማማ ሰማይ ቢደፋ አይፈርሙም። ቤታቸውም ያው ናቸው አሉ፤ ሚስታቸው ከገበያ ስትመለስ ከዘንቢሉ በፊት የሚቀበሏት ደረሰኙን ነው።

ባለፈው ዓመት ማጠቃለያውን የሚያወጣ ፕሮግራም መጣልንና በእጅ መጻፍ ቀረ። ፕሮግራሙ ግን ገና ሙከራ ላይ ስለነበር፣ ጋሼ አይሆንም አይተው ካልፈረሙበት ፋይናንስ አምስት ሳንቲም አያወጣም።

በዚህ መሀል የሱቋ ዕቃ የተቃጠለባት ልብስ ሰፊ መጣች። አከራይዋ እስከ ዓርብ ኪራዩን ካልከፈለች ሱቁን ለሌላ ሊሰጠው ነው። ሐሙስ ጠዋት ቦርሳዋን ታቅፋ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠች፤ ቼኩን ሳትይዝ እንደማትነሳም ነገረችኝ።

ማጠቃለያው ወጣ። የስፌት መኪኖች አርባ ሺህ፣ ጨርቅ ስልሳ ሺህ፣ የካውያ ጠረጴዛ ሁለት ሺህ፤ ድምሩ መቶ ሁለት ሺህ። ተቀናሽ አሥራ ሦስት ሺህ። የሚከፈል ሰማንያ ዘጠኝ ሺህ። በካልኩሌተር መታሁት፣ ልክ ነው። ተመስገን ብዬ ለጋሼ አቀበልኳቸው።

«አይሆንም» አሉ።

«ጋሼ፣ ተስማምቷል እኮ።»

«የተስማማው ከራሱ ጋር ነው፤ ከውሉ ጋር አይደለም። እስቲ ይቺን ጠረጴዛ እያት። ዋጋዋ ሁለት ሺህ፣ ተቀናሿ ሦስት ሺህ። ሴትዮዋ ጠረጴዛዋ ስለተቃጠለ ለእኛ አንድ ሺህ ልትከፍለን ነው?»

አየሁት፤ እውነታቸውን ነው። ውሉ ተቀናሹ ለአንድ አደጋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይላል፤ ከጠቅላላው ጉዳት አሥር በመቶ፣ ከሦስት ሺህ ሳያንስ። ፕሮግራሙ ግን በየዕቃው ቀንሶ፣ ከመኪኖቹ አራት፣ ከጨርቁ ስድስት፣ ከምስኪኗ ጠረጴዛ ሦስት ሺህ ወስዷል። መቀነስ የነበረበት አሥር ሺህ ሁለት መቶ፣ መክፈል የነበረብን ዘጠና አንድ ሺህ ስምንት መቶ ነው።

ፕሮግራሙን የሚያስተካክለውን ልጅ ጠራነው። አልተከራከረም።

«ልክ ነዎት ጋሼ። ዛሬውኑ አርመዋለሁ፤ እርማቱ ግን የሚጫነው ማክሰኞ ነው። ፈቃዱ የኔ አይደለም።»

በእጅ እንጻፈው ብል ፋይናንስ እምቢ አለ። በቅድሚያ ጥቂት ይከፈላት ብል፣ ፕሮግራሙ የሚያውቀው ሙሉውን በአንድ ጊዜ መክፈል ብቻ ነው አሉኝ። ወደ ላይ ብወጣ ወደ ታች ብወርድ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ሰምታለች። «የጎደለችው ስንት ናት?» አለችኝ።

«ሁለት ሺህ ስምንት መቶ።»

«ምርቃት ትሁናችሁ። ሰማንያ ዘጠኙን ስጡኝና ልሂድበት።»

ጋሼ አይሆንም ቀና አሉ። «እህቴ፣ ይህን ከተቀበሉ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም ብለው ነው የሚፈርሙት።»

«እፈርማለሁ።»

«እኔ ግን አልፈርምም። ይቺን ስሕተት ዛሬ ካሳለፍኳት ነገ ትንሽ ዕቃ የተቃጠለበት ሁሉ ይከፍላታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።»

«የኔ እንደሆነ ፈሶ አልቋል፣ ጋሼ። ያጣሁት የምለቅመውን ነው።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔም ጨስኩ። በፕሮግራሙ ተናደድኩ፣ ማክሰኞ ባሉት ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ግን በጋሼ ተናደድኩ፣ ልክ ስለነበሩ። ሻይ ሲጋብዙኝ እንኳ አልጠጣም አልኳቸው።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ የሴትዮዋን ስልክ ከመዝገቡ ፈልገው ደወሉና የአከራዩን ቁጥር ተቀበሉ። ሰው ሲለምኑ አይቻቸው አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለመኑ። «እስከ ማክሰኞ ብቻ ይታገሱልኝ። ገንዘቡ አለ፣ እኔ ነኝ ያዘገየሁት።» አዳመጡ። ከዚያ ስልኩን አስቀመጡት።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

«አይሆንም አለ።»

ማክሰኞ ማጠቃለያው ታርሞ ወጣ። ዝርዝሩ፣ ተቀናሹ፣ ክፍያው ከራሳቸውም ከውሉም ጋር ተስማሙ። ጋሼም «አይሆንም» ሳይሉ ፈረሙ። ልብስ ሰፊዋን ደውዬ ጠራኋት፤ ሱቁ ውስጥ ቅዳሜ ስልክ ሻጭ ገብቶበት ነበር። ጋሼ ራሳቸው አጠገቧ ቆመው እያንዳንዱን ቁጥር አነበቡላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው።

«ልክ ነው» ብላ ፈረመች። ቼኩን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ፣ ሁለት ሺህ የሚለው መስመር ላይ አሳረፈች።

«ይቺን ጠረጴዛ ገዝቼ የት ላቁማት?» አለች።