ቢጫው ወደ ቀዩ፣ ቀዩ ወደ ቢጫው

ኤሌክትሪሺያኑ ይህን ፈተና ካላለፈ የሥራ ፈቃድ አያገኝም። ይዞ እንዲገባ የተፈቀደለት አንድ ወረቀት ብቻ ስለሆነ የመንፈቁን ትምህርት ሁሉ እዚያ ላይ አጨቀው፤ ለየክፍሉም ጠርዙ ላይ ባለ ቀለም ምልክት ለጠፈ። ልጁ ልትፈትነው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ለምድጃ የሚሆን ሽቦ በምን ይመረጣል?»

ቢጫውን አየ። «‹በአምፔሩ። ለአምፔር ቀዩን ተመልከት› ይላል።»

ቀዩ ደግሞ «ቢጫውን ተመልከት» ይላል።

«ውይ አባዬ! ወረቀትህማ ‹ነገ ተመለስ› የሚል ቢሮ ሆኗል!»

አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ከደብተሩ ፈልጎ ቀዩ ሥር «ዋትን ለቮልት አካፍል» ብሎ ጻፈ።

ፈተናው ላይ ያው የምድጃ ጥያቄ መጣ። ቢጫው ወደ ቀዩ ላከው፤ አካፈለና አምፔሩን ይዞ ቢጫው ሥር ወዳለው የሽቦ ውፍረት ሠንጠረዥ ተመለሰ። ሽቦውም ተገኘ።

ደጅ ለጠበቀችው ልጁ በሹክሹክታ፣ «ዛሬ ቢሮው ክፍት ነበር» አላት።