ሰዓት በአንድ ሳምንት

ቡራዩ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ሊያበቃ ስለነበር ርእሰ መምህሯ ክፍሌ ገብተው ካዩኝ በኋላ ወይ ቋሚ ያደርጉኛል ወይ ያሰናብቱኛል። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ መደመር ያስተምር ነበር። የእኔ ምላስ ግን አያርፍም። "በአንድ ሳምንት ክፍሉን በሙሉ የግድግዳ ሰዓት አስነብባለሁ፤ አርብ መጥተው ይዩ" አልኳቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና "እናያለን" አሉ።

የሳምንቱ ዕቅዴ ራሴን እንኳ አስደነቀኝ። ሰኞ ሙሉ ሰዓት፣ ማክሰኞ ተኩል፣ ረቡዕ ሩብና ሩብ ጉዳይ፣ ሐሙስ በአምስት በአምስት እየቆጠሩ ደቂቃ፣ አርብ ሁሉንም ደባልቆ ማንበብ። ከየቀኑ ግብ ሥር በቀይ አሰመርኩ። ይህን ዕቅድ አይቶ ቋሚ የማያደርገኝ ሰው ልብ የለውም ብዬ ደመደምኩ።

ሰኞ ከካርቶን የሠራሁትን ሰዓት ይዤ ስገባ ረጅሙን ቆጣሪ ሆን ብዬ አላሰርኩበትም። አጭሩ ብቻውን ሲሆን ልጆቹ አይደናገሩም። ሦስት ላይ ሳቆመው ግማሾቹ "ሦስት!"፣ ግማሾቹ በኦሮምኛ "ሰዲ!" ብለው ጮኹ፤ ሁለቱም ልክ ነው አልኩ። "ቁርስ ሰዓት ነው!" ያለውን ግን አላለፍኩትም። "ሆዳችሁን አትመኑ፣ ቆጣሪውን እመኑ" አልኳቸው። አባባሌ በጣም ስለጣመኝ ሳምንቱን ሙሉ ስደጋግመው ሰነበትኩ።

ማክሰኞም በሰላም አለፈ። ረጅሙ ስድስት ላይ ሲደርስ አጭሩ በሁለት ቁጥሮች መሃል እንደሚቆምና የምናነበው ያለፈውን እንደሆነ ገባቸው። ረቡዕ ግን ጉድ ፈላ። "ለሦስት ሩብ ጉዳይ" ለማሳየት ረጅሙን ዘጠኝ ላይ ወስጄ አጭሩን ሁለት ላይ እንደተገተረ ተውኩት። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ አባቷ የብረት በር የሚበይድ ደቃቃ ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ አጭሩን ረሳሽው። ሦስት አጠገብ መድረስ ነበረበት።"

"ታውቁ እንደሆነ ልፈትናችሁ ነው" ብዬ ዋሸሁ። አላመነችኝም፤ ከፊቷ ያስታውቃል።

ሐሙስ የካርቶኑ ሰዓት በልጆቹ እጅ ብዛት ተሸራረፈ። ለርእሰ መምህሯ ይህን አላቀርብም ብዬ አርብ ጠዋት የሳሎኔን ግድግዳ ሰዓት ነቅዬ ይዤ ሄድኩ። ወርቃማ ጠርዝ ያለው፣ ሲያዩት የሚያኮራ ነው። ከስልኬ ጋር አመሳክሬ፣ ከሰሌዳው በላይ ሰቅዬው ፈገግ ብዬ ጠበቅኩ።

ርእሰ መምህሯ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ልጆቹ ሰሌዳው ላይ የሳልኩላቸውን ሰዓቶች ሲያነቡ ጥቂት ካዩ በኋላ በእስክሪብቷቸው ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ "አሁን ስንት ሰዓት ነው?" አሉ። ደቃቃዋ ልጅ ተነሳች።

"ዘጠኝ ተኩል።"

ርእሰ መምህሯ ሰዓቱን ቀና ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሦስት ተኩል ነው፤ ተቀመጪ" ብለው አንድ ነገር ጻፉ። እኔም አየሁት፤ ሦስት ተኩል ነው። ቋሚነቴ እዚያች ወረቀት ላይ ሲሞት ታየኝ።

ልጅቷ አልተቀመጠችም። ሰሌዳው ሥር ሄዳ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። "አጭሩ ዘጠኝን አልፏል፣ አሥር አልደረሰም። ረጅሙ ስድስት ላይ ነው። ቲቸር፣ ቆጣሪውን እመኑ ብለሽ የለ?" ከኋላ አንዱ "ዘጠኝ ተኩል ከሆነማ ወደ ቤት!" ብሎ ቦርሳውን አነሳ።

ያኔ ነው የገባኝ። ስልኬ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሳሎኔ ያለውም ሰዓት እንደዚያው። ዕድሜ ልኬን አጭሩን ቆጣሪ አይቼ ትይዩውን ቁጥር ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ዓይኔ ሳያስፈቅደኝ ነው የሚገለብጠው። ልጆቹ ግን ይህን አመል ገና አልተማሩም። የተማሩት ከእኔ ነው፣ ቁጥሩን እንዳለ።

ዝም ብል ጥፋቱ የልጅቷ ሆኖ ይቀራል። ለአንድ አፍታ ዝም ለማለት ቃጣኝ፤ አፈርኩ። "እሷ ናት ልክ" አልኩ። "ሰዓቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። በፈረንጅ ነው የሞላሁት።"

ርእሰ መምህሯ ግድግዳውን ዳግም አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ለልጅቷ ዘረጉላት። "እስቲ ይሄን አንብቢልኝ።"

"ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት" አለች።

ተቀበሏትና ያቺን ሰዓት አገላብጠው አዩዋት። ወረቀቱ ላይ የጻፉትን ሰረዙና ሌላ ጻፉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰኞ የመምህራን ስብሰባ አለን። ዕቅድሽን ይዘሽ ነይ" አሉኝ። "ከመጀመሪያው ቀን፣ ከሙሉ ሰዓት ነው የምታስጀምሪን።"