ከሩቅ የምታክመው ሐኪምና የመኪናው ቁልፍ

የልጅ ልጄ አዲስ አበባ ካለችው ሐኪም ጋር በስልክ እየተያየ የሚነጋገረው በጅቡቲው ሰፈሬ በካርቲየ ሰባት፣ ቤቴ ውስጥ፣ ጫት ከተማ በሚገባበት ሰዓት ነበር። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የቤታችን ግድግዳ እንጨትና ቆርቆሮ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይርሐሙከላህ» የምንለው ከየቤታችን ሆነን ነው። ጫቱ ሲደርስ ግን ሰፈሩ ሁሉ ወደ መንገድ ይወጣል። በጡሩምባውና በሻጮቹ ጩኸት መሐል፣ አንድ ሰው ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ቢለጥፍ እንኳ አንዲት ቃል አይለቅምም።

ሐኪሟ መጀመሪያ አልገባትም። «እማማ፣ ጸጥ ያለ ቦታ የለም?» አለችኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ጸጥ ሲል ነው ሰው የሚሰማው» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ በኋላ የጆሮ ማዳመጫ እንዲያደርግ ነገረችው፤ ቢያንስ የእሷ ድምፅ ከጆሮው እንዳይወጣ።

የልጅ ልጄ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ይመላለሳል። ያደገው ድሬዳዋ በእጄ ነው፤ አኮ ይለኛል፣ እዚያ አያት የሚጠራው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከድንበሩ ከጋላፊ ወዲህ ቁልቁለት ላይ የሚወደው ጓደኛው ከፊቱ እየነዳ ተገለበጠ። በእጁ ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው፣ የሞተውም እቅፉ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳቁ ጠፋ፤ እህል አልገባ፣ እንቅልፍ አልመጣ አለው። አዲስ አበባ ሲደርስ ሐኪሟን በአካል አገኛት፤ መድኃኒትም ጀመረችለት። ነገር ግን ሹፌር ጅቡቲ ገብቶ ጭነት እስኪደርሰው ሳምንታት ይቀመጣል። እዚህ ያሉት ሐኪሞች ፈረንሳይኛ ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ሐኪሟ በስልክ ልትከታተለው ተስማሙ።

መጀመሪያ አልወደድኳትም። ስልኩ በተከፈተ ቁጥር ሰላምታውን ሳትጨርስ «አሁን የት ነህ? ማን አለ አጠገብህ? እስቲ ክፍሉን አሳየኝ» ትለዋለች። እሱም ስልኩን ይዞ ግድግዳውን፣ በሩን፣ አልጋውን ያዞርላታል።

«እንደ ትራፊክ ፖሊስ ናት» አለኝ አንድ ቀን፤ «መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው የቀራት።»

እኔም አልጋው ጫፍ ላይ ስታገኘኝ «እማማ፣ አሁን ይውጡልን» ትላለች። ያናድደኛል። ያሳደግሁት እኔ፣ የማጎርሰው እኔ፣ ሌሊት ሲቃዥ የማነቃው እኔ። ሚስጥሩን ግን ፊቷን በስልክ መስታወት ብቻ የማያት ልጅ ትስማው? ይሄ ፍርድ ነው? አልኳት፣ በግልጽ።

አልተቆጣችም። «ልክ ነዎት፣ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል» አለች። «ግን እርስዎን እንዳያሳዝን ሲል የሚደብቀው ነገር ካለ፣ እርስዎ ባሉበት አይነግረኝም። እኔ ደግሞ ሩቅ ነኝ። አንድ ነገር ቢሆን እጄ አይደርስም። የሚደርስ እጅ የማን እንደሆነ ቀድሜ ማወቅ አለብኝ። ያ እጅ የእርስዎ እንዲሆን እሱ መርጧል።»

መርጧል ስትል ወደ እሱ አየሁ። አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ በጊዜው እየወጣሁ በሩ ላይ ሆኜ የሚመጣ የሚሄደውን አባርር ነበር። ማንም እንዳያልፍ በርጩማዬን መሐል መንገድ ላይ ነው የማስቀምጠው። ሰው ድንገት ከገባበት ደግሞ «ጎማው ተንፍሷል» ሊላት ተማክረዋል፤ ያኔ ሐኪሟ ወሬውን ወደ ጭነትና ወደ አየር ጠባይ ታዞራለች።

ለክፉ ቀንም ሦስታችን ተቀምጠን ተነጋገርን። መስመሩ ከተቋረጠ መልሳ የምትደውለው እሷ ናት፤ ምስሉ እንቢ ካለ በተራ ስልክ። የእኔንም ቁጥር ያዘች። የአምቡላንሱን ስነግራት «ይሄ አጭር ቁጥር ከአዲስ አበባ አይገባልኝም፤ ሙሉውን ፈልጉልኝ» አለች። ያንን ማን ያስባል? ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ሶማሌ ጎረቤት አለችኝ፣ ነርስ ናት፤ እሷ ሙሉውን ቁጥር አመጣችልን፣ የራሷንም ጨመረችበት። ነርሷ ስለ ሕመሙ ምን ያህል ትወቅ የሚለውን የወሰነው የልጅ ልጄ ነው። «እንደታመምኩ ትወቅ፣ ጓደኛዬን ግን አትንገሯት» አለ። እሺ አልነው። መጨረሻ ላይ ሐኪሟ «ሐሳቡ ከበረታብህ የመኪናው ቁልፍ ማን ጋ ይሁን?» ስትለው «አኮ ጋ» አለ። ሐሳቡ ምን እንደሆነ ያን ቀን አልጠየቅሁም። ገብቶኛል።

በቀጠሮው ቀን ቤቱን አጽድቼ፣ በርጩማዬን ይዤ ስጠብቅ ቀረ። ጫቱ ገባ፣ መንገዱ ተሞላ፣ እሱ የለም። ስልኬ ጮኸ። ሐኪሟ ናት። ወደ እኔ ደውላ አታውቅም።

«እማማ፣ እሱ በሌላኛው ስልክ አብሮኝ ነው። ይሰማናል። የምደውልልዎት በእሱ ፈቃድ ነው» አለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። «ፔካ ዱዝ መኪናው ውስጥ ነው ያለው። የመጫን ተራው ደርሶ ስለጠሩት ነው ቤት ያልመጣው። ዛሬ መንዳት የለበትም። ሄደው አጠገቡ መቀመጥ ይችላሉ?»

ፔካ ዱዝ ከከተማው ወጣ ብሎ የጭነት መኪናዎች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ነው። ተራ እዚያ እንደ ነፍስ ነው። ሹፌር አባቱ ቢሞትበት ተራውን ጠብቆ ጭኖ ነው ወደ ለቅሶ የሚሄደው። እሱም ሐኪሟንም ተራውንም ላለማጣት ብሎ ቀጠሮውን ጋቢና ውስጥ ሆኖ ጀመረው። የት ነህ ብላ ባትጠይቀው ኖሮ ቤት ያለ ይመስላት ነበር።

«እማማ፣ ሲደርሱ ቁልፉን አይንጠቁት» አለችኝ ታክሲ ውስጥ። «ይጠይቁት።»

«እኔ ነጥቄ አላውቅም» አልኳት። ነጥቄ አውቃለሁ።

ነርሷ ጎረቤቴ ሥራ ላይ ነበረች። ሐኪሟ ቀድማ ደውላላት ድንገተኛ ክፍሉ እየጠበቀን ነው። እኔ ስደርስ የመኪናው ባለቤት ወኪል ከጋቢናው ሥር ቆሞ በሩን ይደበድባል።

«እናት፣ ንገሪው እንጂ፣ ተራው እያለፈ ነው» አለኝ።

«ታሟል። አይነዳም።»

«ምን ሆኖ?»

«ታሟል አልኩህ።»

«ጫት አብዝቶ ይሆናላ።»

«አንተ ጉንጭህን የወጠረው ጎመን ነው?» አልኩት። በአካባቢው ያሉት ሹፌሮች ሳቁ። «ሕመሙ የራሱ ነው፤ ተራውን ለሚቀጥለው ስጥ። ጤነኛ ሲሆን መልሰህ የምትሰጠው ግን አንተ ነህ፣ እነዚህ ሁሉ ምስክሬ ናቸው።» ከዚያ ደግፉኝ ብዬ ወጣሁ። ለካ ጋቢና እንዲህ ከፍ ይላል።

መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ሐኪሟ ያለችበትን ስልክ ከመስታወቱ ሥር አቁሞታል፤ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቋል። ፊቱ የትኩሳት በሽተኛ ፊት ነው። ሞተሩ አልተነሳም፤ ቁልፉ ግን ተሰክቷል።

«አኮ፣ ተራዬ ሊያልፍ ነው።»

«ይለፍ።»

«እስከ ዲኪል ከተማ ብቻ ልሂድ። እዚያ አስባለሁ።»

ምን ልበለው? ልጮህበት አፌ ተከፍቶ ነበር። ሐኪሟ ቀደመችኝ።

«ቅድም የነገርከኝን ለአያትህ ልንገራት ወይስ አንተ ትነግራታለህ?»

«ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሳልይዝ እንድለቀው ያምረኛል» አለ፣ ወደ ፊት እያየ። «ትናንትም፣ ዛሬም። ዛሬ በጣም።»

ያኔ የስልኩ ምስል ደርቆ ቀረ። ሐኪሟ አፏ እንደተከፈተ ቆመች። ሁለታችን ብቻ ሆንን። ቁልፉ በእጄ ርቀት ነው። እሱ ጠንካራ ነው፣ እኔ አሮጊት ነኝ፤ ብታገለው የሚሆነውን አላህ ያውቃል። መዳፌን ዘርግቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ቁልፉን አልነካሁም። ስልኬ ጮኸ፣ ሐኪሟ ናት፤ እንደተነጋገርነው በተራ ስልክ መጣች። ድምፅዋን ከፍቼ መሐላችን አደረግኩት።

«ምስሉ ሄደ እንጂ እኔ አልሄድኩም» አለች። «ክፉ ቀን ሲመጣ ምን ብለን ነበር?»

መዳፌን ከጭኔ አንስቼ ወደ እሱ እንደዘረጋሁ ቆየሁ።

«እጅሽ ደከመ፣ አኮ።»

«ይድከም።»

ቁልፉን ነቀለና መዳፌ ላይ አኖረው። ጨበጥኩት። ሁለታችንም አለቀስን፣ ድምፅ ሳናወጣ። ሐኪሟ «ሌላስ? ሌላ የያዝከው ነገር አለ?» አለችው። እኔ ይሄ መቼም አይመጣልኝም ነበር። ከወንበሩ ኋላ ያጠራቀመውን መድኃኒት አወጣ። በየጥቂት ቀኑ እየቆጠርኩ የምሰጠውን ነው፤ ሳይውጠው ቀርቶ። ያንንም ሰጠኝ።

ወርደን በታክሲው ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። እሱ መሐል፣ እኔ በበሩ በኩል። ሐኪሟ መስመሩ ሲቋረጥ እየደወለች፣ የምንደርስበትን እየጠየቀች፣ ድንገተኛ ክፍሉ በር ድረስ አደረሰችን። ነርሷ ስትቀበለን ሐኪሟ ከእሷ ጋር ተነጋገረች፤ እዚያ ካለ እንግሊዝኛ ከሚችል ሐኪም ጋርም ቆየች። ከዚያ በፊት ግን ልጁን «የጓደኛህን ነገር ልንገራቸው?» ብላ ጠይቃዋለች። «ንገሪያቸው» አለ።

ነርሷ በሶማሊኛ አያቴ ለማለት «አዬዮ» ብላ ጠርታኝ «ምን ተሰማው?» አለችኝ።

«እሱ ድሬዳዋ ነው ያደገው፣ ሶማሊኛ ያውቃል። ራሱን ጠይቂው» ብያት ወጣሁ።

ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩ አሁንም ክፍት ነው።

«ተቀበሉት?» አለችኝ ሐኪሟ።

«ተቀብለውታል። ቁልፉም መድኃኒቱም እኔ ጋ ነው።»

«እንግዲህ ልዝጋው እማማ። ነገ ጠዋት ለእርሱም ለሐኪሙም እደውላለሁ።»

«ምሳ በልተሻል?» አልኳት። አልበላችም። ሂጂና ብዪ ብያት ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ለወራት መሪ አልጨበጠም። መድኃኒቱ ተለወጠ፣ ንግግሩ ቀጠለ። ወኪሉም መኪናውን ለሌላ ቢሰጥም፣ በየሳምንቱ እየሄድኩ ስለ ምስክሮቼ ስለማስታውሰው፣ ሐኪሟ ይችላል ባለች ቀን ሥራውን መለሰለት። ያን ቀን ግን ይሄ ሁሉ አልታወቀኝም። አግዳሚው ላይ ሆኜ በሩን አያለሁ። ነርሷ ብቅ አለችና «ይጠራሻል» አለች።

«ማን ነው የጠራኝ? አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?»

«እሱ።»

ገባሁ። አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ ጫማውን አውልቋል። ወንበሩን በእግሩ ወደ እኔ ገፋልኝ።

«ቁጭ በይ አኮ» አለ። «የምነግርሽ ረጅም ነው።»