ከአረንጓዴው ግድግዳ የወጣችው ነጠላ

«ያንቺማ ነጠላ ንፋስ ያነሳዋል፣
የደበቅሽው ዕንባ ከሩቅ ያስታውቃል፤»

ከዚህ ወዲያ ያለው ጠፍቶባታል። ሸዋአለም ሦስተኛውን ስንኝ ከፈለገችው ዓመታት ሆኗታል። አይመጣላትም። ቢሆንም ላፕቶፕዋ ላይ ባጎነበሰች ቁጥር እነዚያን ሁለቱን ታንጎራጉራቸዋለች፤ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ሲደርስ ድምጿ ይቀጥናል። ዛሬም እያንጎራጎረች ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ በሳህን የተከደነው የገብስ እንጀራ ከነሽሮው ማተሚያው ጎን ደርቋል።

ቀየት ከተማ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ራቤል አካባቢ ተወልዳ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ፣ ሙያውን ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየች ለቃቅማ የተማረች ሴት ናት። በሬ ሲጠብቁ የኖሩ አዛውንቶችን ኮትና ክራባት አልብሳለች። ባልና ሚስት ተኳርፈው ለየብቻ የተነሱትን ፎቶ አንድ ወንበር ላይ አቀማምጣለች። መጀመሪያ የሠራቻት ሙሽራ ግን እስከ ዛሬ ታሳፍራታለች። ቬሏን በመቀስ እንደ ተቆረጠ ወረቀት ጥርት አድርጋ ቆርጣ አበባ መሃል ለጠፈቻት፤ ገበያተኛው ሁሉ «ሙሽራዋ ቆርቆሮ ተከናንባ መጣች!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ «ሸዋ ቆርቆሮ» የሚላት አልጠፋም።

ዛሬ የሚያስቅ ነገር የለም። እትዬ የትምወርቅ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ስክሪኑን በሩቁ ያዩታል። ልጃቸው ትሕትና የሞተችው ከሠላሳ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ነገ አርባዋ ነው። ከሞቷ በፊት ስቃ የተነሳችው ፎቶ አንድ ብቻ፣ እሱም ሆስፒታል ውስጥ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ተደግፋ። ነጠላዋን በግራ እጇ ጫፉን ይዛ እንደ ክንፍ ዘርግታዋለች፤ የመስኮቱ ብርሃን ገብቶበታል።

«ከዚያ ግድግዳ አውጪልኝ ልጄ» ነበር ያሉት ሲገቡ። «ከደብራችን ጽድ ሥር አቁሚልኝ። ነገ ቄሶቹ ሲፈቷት፣ ዘመድ ሁሉ ሲመጣ፣ ሆስፒታል ሆና እንዳያዩብኝ።»

የደብሩን ግቢ ፎቶ ሸዋአለም ቀድሞም አላት። ፊቷን፣ አንገቷን፣ ጣቶቿን ለይታ ማውጣት አላስቸገራትም። ነጠላው ነው የከበዳት። ዳር ዳሩን ተከትላ ቆረጠችውና ጽዱ ፊት አቆመችው፤ ያው ቆርቆሮ። ጠርዙን አለሳለሰችው፤ ጉም የላሰው መሰለ። ሙሉውን አሳሳችው፤ ከጥለቱ ጋር አብሮ ጠፋ። አረንጓዴውን ቀለም አስለቅቃ ግራጫ አደረገችው፤ ነጠላው እንደ ካርቶን ደነደነ፣ ከኋላው ሊታይ የሚገባው ጽድ አልታይ አለ። ለካ ግድግዳው ከነጠላው ጀርባ ብቻ አልነበረም። በድርና በማጉ መሃል ገብቶ ተቀምጧል። ስስ ነገር የኋላውን ይዞ ነው የሚነሳው።

እትዬ የትምወርቅ ተነስተው ቀረቡ። ትንሽ አዩና ድምፃቸው ተሰበረ።

«አሁንም አለቀቃትም።»

«እ?»

«ግድግዳው። ይኸው፣ ክንዷ ሥር። እዚያው ናት እኮ ልጄ።»

ሸዋአለም ሰዓቷን አየች። ሴትዮዋን ወደ ደብራቸው የሚወስደው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ አሁን ሰባት ተኩል ነው። እኚህን ሴት በምን አንደበት «አልተቻለም» ትበላቸው?  ከዚህ ነጠላ ውስጥ ግድግዳውን ማንም አያወጣውም። ሌላ ነጠላ ካልሆነ በቀር።

«እትዬ፣ ነጠላዋ የት ነው ያለው?»

 ሴትዮዋ ከጉያቸው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «ከኔ አይለይም። አላጠብኩትም። ማን ሊነካው ነው?»

«እርስዎ። እርስዎ ይልበሱልኝና እንደሷ ይዘርጉልኝ። ከኋላ ጥቁር ካደረግን ክሩ ብቻ ይቀርልናል።»

ጥቁር ግን ከየት ይምጣ? የፎቶ ቤቱ መጋረጃዎች ፏፏቴና ሰማያዊ ሰማይ ናቸው። ያላት አንድ ጥቁር ጨርቅ ሳቲን ነው፤ ብርሃን ሲነካው እንደ ኩሬ ያብረቀርቃል። ያኔ ዓይኗ ደጅ ላይ አረፈ። የእትዬ የትምወርቅ ወንድም አባባ ወዳጆ ጥቁር የሱፍ በርኖሳቸውን ደርበው ግድግዳ ተደግፈዋል።

«አባባ፣ በርኖስዎን ያውልቁልኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ፎቶ ላነሳው።»

«እኔን ትተሽ በርኖሴን? ደግ፣ እሱ ይሻላል፤ ቢያንስ ጥርሱ አልረገፈም።» እያሉ አወለቁት። በእህታቸው ከንፈር ጫፍ ላይ እንኳ ሳቅ ሊመጣ ብሎ ተመለሰ።

ሱፍ ብርሃን ይውጣል። ሸዋአለም በርኖሱን ከቋሚው ላይ ሰቀለች፤ ሴትዮዋን ከፊቱ አራቅ አድርጋ፣ በሩን በግራቸው አድርጋ አቆመቻቸው፤ በሆስፒታሉም ብርሃኑ የመጣው ከግራ ነበርና። እትዬ የትምወርቅ ፌስታሉን ፈቱ። ነጠላውን መጀመሪያ አሸተቱት። ከዚያ ለበሱት፣ ጫፉን ይዘው ሲዘረጉት ድምፃቸው ሳያስቡት ወጣ፦

«ልጄ ተነሽና ነጠላሽን ልበሽ፣
እኔ ላይ አያምርም አንቺን እንዳማረሽ።»

አባባ ወዳጆ ፊታቸውን ወደ ደጅ አዞሩ። ሸዋአለም ዕንባዋን በክንዷ እየጠረገች ደጋግማ አነሳች። ከሃያው ፎቶ አንዱ ብቻ አልተንቀጠቀጠም።

ላፕቶፑ ላይ ከሆስፒታሉ ፎቶ የነጠላውን ክንፍ ጣለች፤ የትሕትናን ፊትና ጣቶች ግን አስቀረች። በምትኩ አሁን ያነሳችውን ነጠላ አምጥታ በላዩ የነበረውን የእናትየዋን እጅ አጠፋች። የበርኖሱ ጥቁር ትንሽ ወደ ቡናማ ያደላ ስለነበር ይበልጥ አጠቆረችው፤ ቡናማው ቢቀር በነጠላው ላይ እንደ ጭስ ያንዣብብ ነበር። ከዚያ ጥቁሩን አጥፍቶ ነጩን የሚያስቀረውን፣ ስክሪን የሚባለውን የፎቶ ማዋሃጃ ስልት መረጠች።

ጥቁሩ ጠፋ። ክሩ ብቻ ቀረ። ከክሩ ጀርባ ጽዱ ታየ፤ ነጠላው በተደረበበት ደብዘዝ፣ ባልተደረበበት ጎላ ብሎ። ልቧ ዘለለ፣ መልሶ ግን ወደቀ፤ ቀዩ ጥለት አብሮ ስስ ሆኗል፣ የጽዱ ቅርንጫፍ በጥለቱ ውስጥ አልፎ ይታያል። ጥለት ደግሞ አያሳልፍም። እሱን ለብቻው፣ እንደ ድሮው በመቀስ ጥርት አድርጋ ቆርጣ፣ ከላይ በቦታው አስቀመጠችው። ለሱ ቆርቆሮነቱ ትክክል ነው። ከዚያ ነጠላው ላይ የግቢውን ብርሃን የምትመስል ጥቂት ቢጫ ነካ አደረገችበት።

ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀር ማተሚያው ወረቀቱን አወጣ።

እትዬ የትምወርቅ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ክንዷ ሥር ፈለጉ። ነጠላው ውስጥ ፈለጉ። አረንጓዴው የጽዱ ብቻ ነው።

«ወጣች» አሉ በሹክሹክታ። ጣታቸውን በስሱ ክንፍ ላይ አሳለፉ። «ግን ስስ ነው። ደብራችን ደግሞ ብርድ ነው። ልጄን ይበርዳታል።»

ሸዋአለም ለዚህ የሚሆን ብልሃት አልነበራትም። ላፕቶፕዋ ላይ የለም፣ የትም የለም። አባባ ወዳጆ በርኖሳቸውን ከቋሚው አውርደው እህታቸውን አለበሷቸውና፣ አቅፈዋቸው ወደ መኪናው ወሰዷቸው። ነጠላው በፌስታሉ፣ ፎቶው በደረታቸው ሄደ።

መኪናው ሲነሳ ሰማችው። ሳህኑን ገለጠች። እንጀራው ጠርዙ ተጣጥፏል፣ ሽሮው ረግቷል። እጇን ታጥባ፣ አግዳሚው ላይ፣ ሴትዮዋ በተቀመጡበት ቦታ ተቀመጠችና መጉረስ ጀመረች።