አባቴ በላሞቹ ጉዳይ ሽማግሌ የላከብኝ ጊዜ

ከተዳርኩ ሃያ አንድ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ቤቴ ሽማግሌ መጣ። ላኪው አባቴ ነው።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት በእኛ ሕንፃ ታይቶ አይታወቅም። ሽማግሌ በደንቡ "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" ብሎ በር ላይ ይገተራል። የኔዎቹ ሦስት ሽማግሌዎች ግን ደንቡን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጥለውት ኖሮ፣ በሩን ስከፍትላቸው ሰላምታም ሳይሰጡ ሶፋው ላይ ተዘረሩ። የመጀመሪያው ቃል ከአንደበታቸው እስኪወጣ አንድ ሕፃን ተወልዶ ዳዴ ይል ነበር። እሱም ቃል "ውሃ" የሚል ነው።

ባሌ ከመኝታ ቤት ብቅ ብሎ አያቸውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ሊድሩሽ ነው እንዴ? ለኔ ሳይነግሩኝ?"

ንግግሩን የጀመሩት የአባቴ ሰፈር የእድር ሊቀመንበር ናቸው። ውሃውን ጨርሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "ልጄ፣ አባትሽ ልኮን ነው" አሉ። "ጉልበቱ ከድቶታል። ልጁ ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ። ሥራሽን ትተሽ ከብቶቹን ተረከቢኝ ይልሻል። ካልሆነ ለደላላ ሊሰጣቸው ነው። ደላላው የት እንደሚወስዳቸው ታውቂዋለሽ።"

አውቀዋለሁ። ቄራ ነው።

"ታዲያ ለምን ራሱ አልነገረኝም? በየቀኑ ይደውልልኝ የለ?"

"ፈርቶሽ ነዋ! ፊት ለፊት ጠይቄያት እንቢ ካለችኝ እንዴት ብዬ ዓይኗን አያለሁ፣ አለን።"

ይሄኔ ሳቄ ጠፋ። አባቴ በሕይወቱ የፈራው ነገር ቢኖር የግብር ቢሮና መርፌ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ላፍቶ ውስጥ ዘጠኝ የወተት ላሞች አሉት። በረቱን ሲሠራ ዙሪያው ሜዳ ነበር። ዛሬ ፎቆች ከበውት ላሞቹ የሰው በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ እያዩ ያመነዥካሉ። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። ከትምህርት ቤት በፊት ብስራተ ገብርኤል ድረስ ወተት አድርሼ ነበር ክፍል የምገባው። የዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ከእርሳስ ይልቅ ፍሩሽካ ይበዛ ነበር፤ አስተማሪዬ ሽታዬን ተከትላ ስም ሳትጠራ መገኘቴን ታውቅ ነበር። ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ለዚህ ያበቁኝ አባቴና ላሞቹ ናቸው። የምረቃ ፎቶዬ ላይ ላም ያልቆመችው ፎቶ ቤቱ በሩ ጠባብ ስለነበር ብቻ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ውለታ ያለበት ሰው እንዴት ነው እንቢ የሚለው? ሥራዬን ደግሞ እወደዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሕፃን የመጀመሪያ ጩኸት ሰምቼ አንድም ቀን አልሰለቸኝም።

ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺም እንቢም አይባልም። እኔም እንደ ወጉ "ልማከር" አልኩ። እሑድ አባቴ ቤት ተገናኝተን መልሴን ሊሰሙ ተቀጣጠርን። ሲወርዱ ደረጃው አልከበዳቸውም።

ሳምንቱን ሙሉ እንቢታ ተለማመድኩ። ባሌን አባቴ አድርጌ ወንበር ላይ አስቀምጬ "አባዬ፣ ልቤ..." ብዬ ስጀምር እሱ "እምቧ!" ይለኛል። ከዚህ ሰው ጋር ምን ዓይነት ዝግጅት ይደረጋል!

እሑድ ጠዋት ብርቱካኔን አንጠልጥዬ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። አባቴ ግን አጠገባቸው የለም። ካፖርቱን እንደለበሰ በረቱ በር ላይ ቆሞ ነበር።

"እግዜር ነው ያመጣሽ!" አለኝ። "ቦራዋ ምጥ ላይ ናት። ሐኪሙ ስልኩን ዘግቶታል። በይ እጅሽን ታጠቢ።"

"አባዬ፣ እኔ እኮ የሰው..."

"የሰው ልጅ የምታዋልድ ላም ያቅታታል? የሰው ልጅ አይደል እንዴ የሚከብደው!"

ገባሁ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ላም በጎኗ ተኝታ ታቃስታለች። አጠገቧ አላቢያችን ተንበርክካለች። ይህች ሴት ከደቡብ መጥታ እኛ ቤት ከተቀጠረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስታልብ ትዘምራለች፤ አባቴም "እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ላሞቼ ግን ጴንጤ ናቸው" እያለ ይቀልዳል። በየማለዳው ጡታቸውን ለብ ባለ ውሃ አጥባ፣ አድርቃ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች በጥቁር ኩባያ ተቀብላ የረጋ ነገር እንዳለበት የምታየው እሷ ናት። ፋጉሎውንና ፍሩሽካውን ለእያንዳንዷ እንደ ወተቷ መጠን የምትለካውም፣ ያረገዘችውን ላም ከመውለጃዋ ሁለት ወር ቀደም ብላ ከመታለብ የምታሳርፈውም እሷ ናት። አባቴ የሚያደርገው በሩ ላይ ቆሞ ማዘዝ ነው። እሱ ባያዛትም ሠርታ የጨረሰችውን ማለቴ ነው።

"የሽርት ውሃው መቼ ፈሰሰ? ስንተኛዋ ነው?" አልኩ፣ የካርድ ወረቀት ብቻ ነው የጎደለኝ።

"ከሰዓት በላይ ሆነው፣ እትዬ። ሦስተኛዋ ነው።"

አየሁ። የጥጃው አፍንጫና አንድ እግር ብቻ ወጥተዋል። ጥጃ ሲወለድ ደግሞ ሁለቱን የፊት እግሮቹን አስቀድሞ፣ ጭንቅላቱን እላያቸው ላይ አስተኝቶ፣ ዋና እንደሚገባ ሰው ነው የሚመጣው። እኔ ግን ልማድ ቀደመኝ። የላሟን አንገት እያሻሸሁ "በርቺ እናቴ፣ ተንፍሺ፣ አሁን ግፊ! ግፊ!" አልኩ። እስካሁን ሰፈሩ ይስቅብኛል።

"ኧረ አታስገፊያት፣ እትዬ!" አለች አላቢያችን። "አንዱ እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። ከገፋች ይብስ ይቀረቀራል።"

አባቴ ከበሩ "ገመድ አግቡና ሳቡት!" አለ።

"አይሳብም፣ ጋሼ! እንዲህ እያለ ከተሳበ ሁለቱንም እናጣለን።"

በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አባቴን "አይሆንም" ስትለው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱም እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

ክንዷን እስከ ትከሻዋ በሳሙና ታጠበች፤ ዘይት ተቀባች። ምጡ ጋብ እስኪል ጠበቀች። ጋብ ሲል ጥጃውን በቀስታ ወደ ውስጥ መለሰችው፤ ለካ ቦታ የሚገኘው ወደ ኋላ በመመለስ ነው። ምጡ ሲመጣ እጇን ሳታነቃንቅ ትቆያለች። ሲያልፍ እንደገና ትገባለች። ዓይኗን ጨፍና "ጉልበቱን አገኘሁት... ሸኮናው ይኸው" አለች። ሸኮናው የማህፀኑን ግድግዳ እንዳይቀድ መዳፏ ውስጥ ሸፍና ይዛ እግሩን ዘረጋችው። ሁለተኛው እግር ብቅ አለ።

ያን ጊዜ ለስላሳውን ገመድ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አሰርንና ያዝኩላት። "ስታምጥ ብቻ ሳቢ፣ እትዬ። ወደ ታች፣ ወደ እግሯ አቅጣጫ። ስታርፍ እረፊ።" እንዳለችኝ አደረግሁ። እኔ፣ የስንቱን የጀሞ ልጅ ያዋለድኩ ባለሙያ፣ ገመድ ሳቢ ሆንኩ። በመጨረሻ ጥጃው ሸርተት ብሎ ጭኔ ላይ ወደቀ። ክብደቱ ጀሞን የሚያክል መሰለኝ።

አይተነፍስም። አላቢያችን አፍና አፍንጫውን ጠርጋ የአፍንጫውን ቀዳዳ በጭድ ስትነካካው አስነጠሰ። እትብቱን አዮዲን ውስጥ ነከረችው። "ሴት ናት!" አለች። ቦራዋ ተነስታ መላስ ስትጀምር አባቴን ዞሬ አየሁት። ጥጃዋን አልነበረም የሚያየው። በክርኗ እንባዋን የምትጠርገውን አላቢያችንን ነበር።

እንገሩ ታልቦ ጥጃዋ እስክትጠባ ድረስ ሽማግሌዎቹ ጠበቁን። ከዚያ ወጥተን ታጥበን ተቀመጥን። የተለማመድኩት ንግግር በሙሉ ከራሴ ጠፍቷል።

"አባዬ" አልኩት። "ያለኝ ነገር ሁሉ ከዚህ በረት የወጣ ነው። እስክሞት አመሰግንሃለሁ። ግን አልረከብህም። ስለናቅሁት አይደለም። አንተ ወተት ሸጠህ አዋላጅ አደረግኸኝ፤ አሁን አዋላጅነቴን ትቼ ወተት ብሸጥ የደከምክበትን ማፍረስ ይሆንብኛል። ደግሞ አይተኸኛል፣ ላምን 'ተንፍሺ' የምል ሴት ነኝ። በወሩ ወተታቸው ይደርቃል።"

ካፖርቱ ላይ የተጣበቀውን ጭድ አንድ በአንድ ለቀመ።

"አውቅ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ስትመጪ ከፊትሽ አወቅሁት። እኔ እንኳ የፈራሁት እንቢታሽን አይደለም። ከኔ በኋላ ማንም በስማቸው የማይጠራቸው መስሎኝ ነው።"

"የሚጠራቸው አለ፣ አባዬ። አሁን ክንዷን እየታጠበች ነው።"

ቀና ብሎ ወደ በረቱ አየ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "የርቢ ብሰጣትስ?"

የርቢ የገጠር ወግ ነው፦ ላሞቹ የባለቤቱ እንደሆኑ ይቀጥላሉ፤ አርቢው ይቀልባቸዋል፣ ወተቱ የሱ ነው፤ የሚወለደውን ጥጃ እኩል ይካፈላሉ። በዓመታት ውስጥ አርቢው የራሱ መንጋ ይኖረዋል። አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልታየው እሱ ቀጣሪ፣ እሷ ተቀጣሪ ስለነበሩ ነው።

የእድሩ ሊቀመንበር ብድግ አሉ። "ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም። ተነሱ!" ሦስቱም በረቱ በር ላይ ተሰለፉ። እዚህ ደረጃ ስለሌለ ደንቡን አሟልተው ቆሙ። "ልጄ፣ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሏት።

አላቢያችን ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ ባልዲዋን አስቀመጠች። "ልማከር" አለች።

"ከማን ጋር?" አለ አባቴ፣ ደንግጦ።

"ከጌታ ጋር፣ ጋሼ።"

"እሱ ስንት ቀን ይፈጅበታል?"

ሦስት ቀን ፈጀበት። አባቴ በነዚያ ሦስት ቀናት አሥራ አራት ጊዜ ደወለልኝ። በአራተኛው ቀን እሺ አለች፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃ። ጋሼ ማለዳ በር ላይ ቆመው ማዘዝ ያቆማሉ። ለአባቴ ይህ ዘጠኝ ላም በነጻ ከመስጠት ይከብዳል። ግን ተስማማ፤ ሽማግሌዎቹም ባሉበት ወረቀት ላይ ተፈራረሙ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። አባቴ በረቱ በር ላይ ቆሞ አንኳኳ፤ የገዛ በረቱን። "ልግባ?" አለ።

"ቦት ጫማ አድርገዋል፣ ጋሼ?"

"አድርጌያለሁ።"

"ይግቡ።"

እንደ ሙሽራ ፈገግ ብሎ ገባ። ቦራዋን በስሟ ጠርቶ ጀርባዋን ዳበሰ፤ አንድም ትእዛዝ አልወጣውም። ያንን ያህል ቀሎት ካየሁት ስንት ዘመኔ ነው! ለእኔ አላቢያችን ገና ትኩስ የሆነ ወተት በኩባያ ይዛልኝ መጣች።

"ሞላ አድርጊላት" አላት አባቴ። "እንግዳ ናት እኮ።"

ተቀብዬ ቁጭ አልኩና እንደ እንግዳ፣ አመስግኜ ጠጣሁ።